ለፍሬሽ ተማሪዎች ስለ አካዳሚክ ታማኝነትና ስለ ቼከር የ20 ደቂቃ ንግግር እንዴት ይዘጋጃል?

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ይሁን መቅደላ አምባ፣ አዲስ ተማሪ ግቢ ሲገባ የኦሬንቴሽን ሳምንት አለ። በዚያ ሳምንት አንድ መምህር ወይም አንድ ሲኒየር ተማሪ ስለ አካዳሚክ ታማኝነት እንዲናገር ይመደባል። ዘንድሮ ተራው የእናንተ ከሆነ ይህን ያዘጋጀሁት ለእናንተ ነው።

ይህ ንግግር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ተናጋሪው "መኮረጅ ክልክል ነው" ይላል። ቅጣቱን ይዘረዝራል። ከዚያ ጽሑፍ ከሌላ ጽሑፍ ጋር መመሳሰሉን የሚፈትሽ ቼከር የሚባል ሶፍትዌር እንዳለ ይጠቅስና "ከዚህ ፐርሰንት በላይ ከመጣ ወደቃችሁ" ብሎ ይወርዳል። ተማሪው ከአዳራሹ ይዞ የሚወጣው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። እስኪመረቅ ድረስም የሚያስጨንቀው ያንን ቁጥር እንዴት ዝቅ እንደሚያደርግ ይሆናል።

ስለዚህ በ20 ደቂቃ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ በደንብ እንዲገባቸው አድርጉ። ቼከር ቃላትን ከቃላት ጋር ያመሳክራል። ማን እንደሰረቀ አያውቅም። ያንን የሚወስነው ሪፖርቱን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው። ተማሪው ይህን ከተረዳ ምንጭ ለምን እንደሚጠቀስ፣ በራስ ቃል መጻፍ ምን እንደሆነ፣ ከዶርም ጓደኛው ጋር እስከ የት አብሮ መሥራት እንደሚችል ለማስረዳት አትቸገሩም።

ከመድረኩ በፊት፦ ሦስት ወረቀት

ከንግግሩ ሦስት አራት ቀን ቀደም ብላችሁ ሦስት ነገር በእጃችሁ አስገቡ።

አንደኛው የተቋማችሁ የሴኔት ሕግ ነው። ስለ ፈተና ማጭበርበርና ስለ ጽሑፍ ስርቆት የሚናገረውን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጉ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሰማችሁትን ቅጣት እንደ ራሳችሁ ግቢ ሕግ አታውሩ። ተማሪ አንድ ቀን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሲቆም የሚጠቀሰው የተጻፈው ሕግ ነው። እናንተ ከመድረክ የተናገራችሁት ከዚያ የተለየ ከሆነ ልጁን ትጎዱታላችሁ።

ሁለተኛው ዲፓርትመንታችሁ በቼከር እንዴት እንደሚጠቀም የሚገልጽ መልስ ነው። ሬጅስትራሩን ሳይሆን የዲፓርትመንት ኃላፊውን ጠይቁ። የትኛውን ሶፍትዌር ነው የምንጠቀመው? ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው ወይስ ለአሳይመንትም? ተማሪው ራሱ ያስገባል ወይስ መምህሩ? የገባው ጽሑፍ በሶፍትዌሩ የመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም? አራተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ለምን እንደሚያስፈልግ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው የእውነተኛ ሪፖርት ናሙና ነው። የማንንም ተማሪ ወረቀት ግን አትውሰዱ። ስሙ ቢደመሰስም ጓደኞቹ አጻጻፉን ሊያውቁት ይችላሉ። ራሳችሁ አንድ ገጽ የሚሆን አሳይመንት ጻፉ፣ ሆን ብላችሁ ከኢንተርኔት ጥቂት መስመር ክተቱበት፣ ከዚያ ቼክ አስደርጉትና ሪፖርቱን በቀለም አሳትሙት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፕሮጀክተር ላይ ብቻ አትተማመኑ።

መግቢያው፦ 4 ደቂቃ

"የአካዳሚክ ታማኝነት ማለት…" ብላችሁ በትርጉም አትጀምሩ። ከሚያውቁት ተነሱ። እነዚህ ልጆች የ12ኛ ክፍል ፈተናን የተፈተኑት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተዛወረው ኩረጃን ለመቀነስ ነበር። አጤሬራ ይዞ መግባት ጥፋት እንደሆነ ማንም አይነግራቸውም፣ ያውቁታል። የማያውቁት ሌላውን ነው። ሃይስኩል ውስጥ ከመጽሐፍ ቃል በቃል ገልብጦ ማምጣት "ጎበዝ" ያስብላል። ግቢ ውስጥ ያው ሥራ ያስከስሳል። ይህን ለውጥ ማንም ሳይነግራቸው የመጀመሪያውን አሳይመንት ያስገባሉ።

ስለዚህ በግልጽ ንገሯቸው። እስከ ትላንት ድረስ የተሰጣችሁ ሥራ መጽሐፉ ያለውን መልሶ መናገር ነበር። ከዛሬ ጀምሮ መምህሩ የሚፈልገው ሁለት ነገር ለይቶ ማየት ነው፦ የቱ ካነበባችሁት የመጣ ነው፣ የቱ ከራሳችሁ? ሁለቱ ከተደባለቁበት ምን እንደገባችሁ ማወቅ አይችልም። ያልገባችሁንም ሊያስተካክልላችሁ አይችልም። ኮምቦልቻ ምህንድስና የሚማር ልጅ የላብራቶሪ ውጤቱን ከሲኒየር ገልብጦ ካስገባ ሲሚንቶው ስንት ቀን ላይ ምን ያህል እንደጠነከረ አላየም። ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን አየሁ ይላል።

ምንጭ መጥቀስ የፈረንጅ ወግ ነው የሚሉ ልጆች አይጠፉም። ወሎ ላይ ሆኖ ለዚህ መልስ ማግኘት ቀላል ነው። ደረሳ ሐዲስ ሲቀራ ማን ከማን ሰምቶ እንዳስተላለፈው ሰንሰለቱን አብሮ ይማራል። ሰንሰለቱ ላይ ማን እንዳለ ካልታወቀ ንግግሩ ምን ያህል እንደሚታመን መመዘን አይቻልም። የቆሎ ተማሪም ዜማውን ከየትኛው መምህር፣ ከየትኛው ቤት እንደተማረው ይጠየቃል። "ከማን አገኘኸው?" የሚለው ጥያቄ እዚህ አገር አዲስ አይደለም። ይህን በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሩና እለፉ። አታርዝሙት።

ዋናው ክፍል፦ 12 ተማሪዎች በመስመር

ቼከር እንዴት እንደሚሠራ በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል። 12 ወፍራም ወረቀት አዘጋጁ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል በትልቁ ጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነው፦

በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች የበልግ ዝናብ ሲዘገይ ብዙ ገበሬ የዘር ጊዜው ያልፍበታል።

12 ፍሬሽ ተማሪዎችን ወደ መድረክ ጥሩ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቃል ይዘው በቅደም ተከተል ይቁሙ። አዳራሹ ከመላ አገሪቱ በመጡ ልጆች ስለሚሞላ አማርኛ የማይቀናቸው ይኖራሉ። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ አንዴ አንብቡላቸው። ለዚህ ማሳያ ግን ቃላቱን መለየት ብቻ ይበቃል።

አሁን እንዲህ በሉ። "ይህ ዓረፍተ ነገር አንድ ሰው ጽፎት ኢንተርኔት ላይ ያለ ነው እንበል። ቼከሩ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ሰው አያነበውም። በአጫጭር ሰንሰለት ይቆራርጠዋል።" ሰንሰለቱ 5 ቃል ነው ብላችሁ ያዙ። ከ1ኛው እስከ 5ኛው የቆሙት እጅ ለእጅ ይያያዙ። አንድ ሰንሰለት። ይልቀቁና ከ2ኛው እስከ 6ኛው ይያያዙ። ሁለት። እንዲህ አንድ አንድ ቃል እየገፋችሁ ስትሄዱ የመጨረሻው ከ8ኛው እስከ 12ኛው ያለው ነው። በጠቅላላ 8 ሰንሰለት ይወጣል። ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ሰንሰለት ወደ አጭር ኮድ ይቀይርና ቋቱ ውስጥ ያስቀምጣል። አዲስ ወረቀት ሲገባ እሱንም እንዲሁ ቆራርጦ ኮዶቹን ያስተያያል። የገጠመውን ቀለም ይቀባዋል።

5 የሚለው ቁጥር ለማሳያ የመረጥነው መሆኑን አትደብቁ። እውነተኞቹ ሶፍትዌሮች የሰንሰለት ርዝመታቸውና የአሠራር ዝርዝራቸው ይለያያል። አምራቾቹም ሁሉንም አይናገሩም። መሠረቱ ግን ይኸው ነው።

ቀጥሎ ብዙ ተማሪ የሚያደርገውን አድርጉ። 7ኛውን ልጅ አስቀምጡትና "ሲዘገይ" የሚለውን "ሲቆይ" በሚል ካርድ ሌላ ልጅ ይተካው። አዳራሹን ጠይቁ፦ "አሁን ቼከሩ ይይዘዋል?" ግማሹ አይይዘውም ይላል። ቁጠሩ። 7ኛውን ቃል የሚነኩት ከ3ኛው፣ ከ4ኛው፣ ከ5ኛው፣ ከ6ኛውና ከ7ኛው ቃል የሚነሱት 5 ሰንሰለቶች ናቸው። እነሱ ተበጠሱ። ከ1ኛው፣ ከ2ኛውና ከ8ኛው የሚነሱት 3ቱ ግን እንዳሉ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ብቻቸውን 11 ቃል ይሸፍናሉ። ከ12 ቃል 11ዱ ቀለም ተቀባ ማለት ነው። ነጭ ሆኖ የቀረው የተቀየረው ቃል ብቻ ነው። እዚህ ጋ አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ይነሳል። ትንሽ ጠብቁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳትፈሩ አሳዩ። 7ኛውን ወደ ቦታው መልሱት። አሁን 5ኛውንና 10ኛውን ቀይሩ። "የበልግ" የሚለው "የየካቲት" ይሁን፣ "የዘር" የሚለው "የመዝሪያ" ይሁን። እንደገና ቁጠሩ። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ቃል የሚነሱት ሁሉ 5ኛውን ይነካሉ። ከ6ኛው እስከ 8ኛው የሚነሱት ደግሞ 10ኛውን። አንድም ሰንሰለት አልተረፈም። በዚህ ቀላል ቼከር ሪፖርቱ ዜሮ ነው።

ታዲያ ይህ ዓረፍተ ነገር አሁን የማን ነው? ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። መልሱን ከልጆቹ ጠብቁ። ሐሳቡ የሌላ ሰው ነው፣ አሰካኩም የሌላ ሰው ነው፣ ስሙ ግን የለም። ስርቆቱ አለ፣ ቼከሩ ዝም ብሏል። ከዚህም በላይ ጽሑፉ ተበላሽቷል። የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የሚጥል ነው። "የየካቲት ዝናብ" ብሎ የጻፈ ልጅ በልግን አንድ ወር አደረገው። የጂኦግራፊ መምህር ይህን ለማየት ሶፍትዌር አያስፈልገውም። ቃል በመተካት የተሠራ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው በዚህ ነው። ተማሪው ቃሉን የቀየረው ስለገባው ሳይሆን ለመሸሽ ስለሆነ ትርጉሙ ሳያውቀው ይዛነፋል።

አንዳንድ መምህራን ይህን ሁለተኛ ክፍል አታሳዩ ይላሉ። ልጆቹን ማምለጫ ታስተምራላችሁ የሚል ስጋት አላቸው። እኔ አልስማማም። ማምለጫውን ከሲኒየር በመጀመሪያው ሳምንት ይሰሙታል። ከእናንተ ከሰሙት ግን ቼከሩ ዝም ማለቱ ነጻ ማውጫ እንዳልሆነም አብረው ይሰማሉ።

በራስ ቃል መጻፍን እዚያው መድረክ ላይ

ልጆቹን ሳታስቀምጡ ትክክለኛውን መንገድ አሳዩ። ሁሉም ካርዳቸውን ገልብጠው ይያዙ፣ ቃሉ አይታይ። ከአዳራሹ አንድ ልጅ አስነሱና "ዓረፍተ ነገሩ ምን ነበር ያለው? ለእናትህ በስልክ እንደምትነግር አድርገህ ንገረን" በሉት። ልጁ እንዲህ የሚመስል ነገር ይላል፦ "ደጋው ላይ በልግ በጊዜው ካልዘነበ ገበሬው ሳይዘራ ይቀራል።" ይህ የራሱ አነጋገር ነው። የቃሉ ቅደም ተከተል ሌላ ነው፣ ትርጉሙ ግን አልተዛነፈም። አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ሐሳቡን ከማን እንዳገኘው መግለጽ። መምህሩ በሚፈልገው መልክ የጸሐፊውን ስምና ዓመቱን ይጨምራል።

ዶርም ሲገቡ ይህንኑ ብቻቸውን እንዲሠሩት ቅደም ተከተሉን ንገሯቸው። ምንባቡን እስኪገባችሁ አንብቡ። መጽሐፉን ዝጉ ወይም ስልኩን ገልብጡ። ያነበባችሁትን ነገር ለዶርም ጓደኛችሁ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በሚቀናችሁ ቋንቋ አስረዱ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጻፉ። አሁን መጽሐፉን ክፈቱና አስተያዩ። ሦስት አራት ቃል ተከታትሎ የገጠመ ካለ ወይ አስተካክሉ ወይ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት። የጸሐፊውን ስምና ገጹን መጻፍ ያለባችሁ መጽሐፉን መጀመሪያ ስትከፍቱ ነው። ሌሊት ላይ "ይህን ከየት ነበር ያገኘሁት?" እያሉ መፈለግ ብዙ ልጆችን ምንጩን ወደ መተው ይወስዳል።

የእንግሊዝኛ አቅማቸው ያልጠነከረ ልጆች እዚህ ጋ ይጨነቃሉ። "የእኔ እንግሊዝኛ እንደ መጽሐፉ አያምርም" ይላሉ። አዎ፣ አያምርም። ሰዋስው የተሳሳተበት የራስ አንቀጽ ላይ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ያሳርፍበታል፣ ልጁም ይማርበታል። የተገለበጠ ቆንጆ አንቀጽ ግን ማንንም አያስተምርም። ይህን በቀጥታ ንገሯቸው፣ ብዙዎቹ የሚገለብጡት ከስንፍና ሳይሆን ከእንግሊዝኛ ፍርሃት ነው።

ሪፖርቱን ማንበብ፦ 30 እና 8

12ቱን ልጆች አመስግናችሁ አስቀምጡ። አሁን ያሳተማችሁትን ሪፖርት አውጡ። ሶፍትዌራችሁ ተርኒቲን ከሆነ ቀለሞቹ የታወቁ ናቸው። ሰማያዊ ምንም የገጠመ የለም ነው። አረንጓዴ እስከ 24 ፐርሰንት፣ ቢጫ ከ25 እስከ 49፣ ብርቱካናማ ከ50 እስከ 74፣ ቀይ ከ75 በላይ ነው። ተማሪ ቀለሙን እንደ ትራፊክ መብራት ያየዋል። አረንጓዴ ከሆነ አለፍኩ፣ ቀይ ከሆነ ተያዝኩ ብሎ። ይህን ለማፍረስ ሁለት ወረቀት አነጻጽሩላቸው።

ሁለቱም ወረቀቶች 400 ቃል ናቸው። የመጀመሪያው ተማሪ ሪፖርት 30 ፐርሰንት ይላል፣ ቢጫ ነው። 120 ቃል ገጠመ ማለት ነው። አብራችሁ ዝርዝሩን ክፈቱ። 28 ቃሉ መምህሩ የሰጠው ጥያቄ ነው፣ ተማሪው ከላይ ገልብጦታል፣ ሁሉም ተማሪ ገልብጦታል። 44 ቃሉ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ፣ ምንጩ የተጻፈለት ጥቅስ ነው። 48 ቃሉ መጨረሻ ላይ ያለው የማጣቀሻ ዝርዝር ነው። የመጽሐፍ ርዕስ የትም ቢጻፍ ያው ስለሆነ ይገጥማል። ደምሩት፣ 120 ነው። ከዚህ ውስጥ የተሰረቀ ቃል አንድም የለም። ምናልባት መምህሩ ጥቅሱ ረዘመ ሊል ይችላል። ይህ ግን የአጻጻፍ ምክር ነው።

የሁለተኛዋ ተማሪ ሪፖርት 8 ፐርሰንት ይላል፣ አረንጓዴ ነው። 32 ቃል። ዝርዝሩን ስትከፍቱ 32ቱም ተከታታይ ናቸው፣ ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው፣ ትምህርተ ጥቅስ የላቸውም፣ ምንጭ የላቸውም። የተቀመጡትም ድምዳሜው ላይ ነው። ጥያቄው "የአንቺ አስተያየት ምንድን ነው?" በሚልበት ቦታ የሌላ ሰው አስተያየት ገብቷል። ጥፋቱ ያለው በዚህኛዋ ወረቀት ላይ ነው።

ከዚህ ውስጥ ልጆቹ ሪፖርት ሲደርሳቸው የሚጠይቁት ጥያቄ ይወጣል። የገጠመው ተከታታይ ነው ወይስ የተበታተነ? ከአንድ ምንጭ ነው ወይስ ከብዙ? ምልክትና ስም አለው? በወረቀቱ ውስጥ ምን ሥራ እየሠራ ነው? መምህሩ ጥቅስን፣ ማጣቀሻን ወይም አጫጭር ግጥሚያን ከቁጥሩ እንዲያወጣ ሶፍትዌሩ ምርጫ ይሰጠዋል። ያንን ቢያደርግም ባያደርግም ዝርዝሩን ማየት አይቀርለትም።

ቼከሩ የማያየው

ይህን በ2 ደቂቃ እለፉት። ቼከር ቋቱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ ያለ፣ ማንም ኮምፒውተር ላይ ያላስገባው የቆየ መመረቂያ ጽሑፍ አይታየውም። በስካነር የተነሳ ገጽ ለእሱ ብዙ ጊዜ ፎቶ ነው፣ ጽሑፍ አይደለም። በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ አማርኛም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ሊነበብ ይችላል። በአማርኛ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። "ፀሐይ" ብሎ የጻፈና "ጸሀይ" ብሎ የጻፈ ለእኛ አንድ ቃል ነው የጻፉት። ፊደሎቹን ካላስማማ ለሶፍትዌሩ ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የገባም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ይህን የምትነግሯቸው ለምንድን ነው? ቼከሩ ባያየውም የሚያነበው መምህር አብዛኛውን ስለሚያይ ነው። በአንድ አንቀጽ ውስጥ አጻጻፉ በድንገት ሲቀየር፣ ክፍል ውስጥ ያልተነካ ቃል ሲመጣ፣ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ስሌት ስህተት ሲሠሩ ይጠረጥራል። ከዚያ ጠርቶ "ይህን አንቀጽ አስረዳኝ" ይላል። የጻፈው ልጅ ያስረዳል። ከሁሉም ቼከር የበለጠው ይህ ነው።

የሚነሱት ጥያቄዎች

ቢያንስ 5 ደቂቃ ለጥያቄ ተዉ። የሚመጡት በአብዛኛው የሚታወቁ ናቸው።

"ቲቸር፣ ስንት ፐርሰንት ነው የሚፈቀደው?" ይህ የማይቀር ነው። የዲፓርትመንታችሁ መመሪያ ቁጥር ካለው ንገሯቸው፣ አትደብቁ። ከዚያ ወደ 30ና 8 መልሷቸው። ቁጥሩ መምህሩ የትኛውን ወረቀት ቀድሞ በጥንቃቄ እንደሚያይ ይነግረዋል እንጂ ከሥሩ ያለውን ሁሉ አያጸድቅም።

"ከማስገባቴ በፊት ውጭ ኮምፒውተር ቤት ቼክ ባስደርግስ?" እዚህ ጋ ቀደም ብዬ ያነሳሁት የቋት ጥያቄ ይመጣል። ልጁ ወረቀቱን በማያውቀው ሰው አካውንት ካስገባና ያ አካውንት ጽሑፉን ቋት ውስጥ ካስቀመጠው፣ በኋላ መምህሩ ሲያስገባው ወረቀቱ ከራሱ ጋር ይገጥማል። የራሱን ሥራ ጽፎ 100 ፐርሰንት የሚመጣበት ልጅ አለ። ግጥሚያው "የተማሪ ወረቀት" ከሚል ምንጭ ስለሚመጣ ልጁ ያ ወረቀት የራሱ መሆኑን ማስረዳት ይከብደዋል። ከዚህም ሌላ ወረቀቱን ያየው ሰው ለሌላ ሊሸጠው ይችላል። ድራፍት ማየት የሚፈልግ ልጅ መምህሩን ይጠይቅ፣ መምህሩ በቋት በማይቀመጥበት መንገድ ሊያይለት ይችላል። በተርኒቲን መምህሩ በድጋሚ ማስገባት ከፈቀደ፣ ከ3 ድጋሚ በኋላ አዲስ ሪፖርት ለማግኘት 24 ሰዓት ይጠበቃል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ እያስገቡ ቁጥር ማየት አይሠራም።

"ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ብንሠራስ?" መምህሩ ለየብቻ ካላለ መወያየት ይቻላል። ጥያቄውን መፍታት፣ መከራከር፣ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይቻላል። መጻፍ ሲጀመር ግን ሁለት ወረቀት በሁለት እጅ ይጻፋል። ቼከር የክፍል ጓደኞችን ወረቀትም እርስ በርስ ያስተያያል። ፋይሉን በቴሌግራም "እስቲ እየው" ብሎ የላከ ልጅም የገለበጠው ልጅም አንድ ላይ ይጠራሉ። ማን ከማን እንደወሰደ ሪፖርቱ አይናገርም። ፋይል ከመላክ አብሮ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ይሻላል።

"በኤአይ የተጻፈን የሚይዘው ቼከርስ?" ይህ ከላይ ካየነው የተለየ ነገር መሆኑን ግልጽ አድርጉ። የመመሳሰል ቼከር ምንጩን ያሳያችኋል፣ አይታችሁ ታረጋግጣላችሁ። የኤአይ መርማሪ የሚያሳየው ምንጭ የለም። ከአጻጻፉ ተነስቶ ይገምታል። ቻት ጂፒቲን የሠራው ድርጅት ኦፕንኤአይ የራሱን መርማሪ በ2023 እ.ኤ.አ. በትክክለኛነቱ ዝቅተኛነት ምክንያት አንስቶታል። በዚያው ዓመት የወጣ ጥናትም እነዚህ መርማሪዎች እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑ ሰዎችን ጽሑፍ በስህተት የመክሰስ ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይቷል። ይህ የኛን ልጆች በቀጥታ ይመለከታል። ስለዚህ ሁለት ነገር ንገሯቸው። ኤአይን ለምን ዓይነት ሥራ መጠቀም እንደሚፈቀድ በየኮርሱ መምህራቸውን በመጀመሪያው ሳምንት ይጠይቁ። ደግሞም የሥራቸውን ዱካ ይያዙ። ደብተር ላይ የጻፉትን ማስታወሻ፣ የመጀመሪያ ድራፍት፣ የተሰረዘበትን ገጽ እስከ ተርሙ መጨረሻ አይጣሉት። ጎግል ዶክስ ላይ የጻፈ ልጅ የለውጥ ታሪኩ እዚያው ተቀምጦለታል። ያለ አግባብ ቢጠረጠር ያንን ይዞ ይሄዳል።

አንዳንዴ ቁጭ ካለ ልጅ የማይነሳ ጥያቄ አለ፣ ሲወጡ ቀስ ብሎ ይመጣል። "ሲኒየር አሳይመንት ሰጥቶኝ ነበር፣ አስገብቼዋለሁ" ወይም "ፎቶ ኮፒ ቤት ገዝቼ ነበር" የሚል። ሰው ፊት አታስጨንቁት። ወረቀቱ ገና ካልታረመ ዛሬውኑ መምህሩ ጋ ሄዶ እንዲያወጣውና ሌላ እንዲያስገባ ጠይቁለት። ከተያዘ በኋላ ከሚመጣው ልጅ ይልቅ በራሱ የመጣውን ልጅ መርዳት ለመምህሩም ይቀለዋል።

ከንግግሩ ማግስት

ከሴኔት ሕጉ የወሰዳችሁትን ገጽ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፣ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕም ፎቶውን ላኩ። ከእሱ ሥር የሚጠየቅ ሰው ቢሮ ቁጥርና ሰዓት ጻፉ። ከዚያ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ ከሚሰጡ መምህራን ጋር ተነጋገሩ። የመጀመሪያው አሳይመንት ቢያንስ 1 ገጽ ሆኖ ማርኩ ትንሽ ይሁን፣ ቼክ ይደረግ፣ ሪፖርቱም ለእያንዳንዱ ተማሪ ይመለስለት። ምንጭ የረሳ ልጅ እንዲያስተካክል 1 ሳምንት ይሰጠው። 12ቱን የቃል ካርዶች አትጣሉ። በሁለተኛው ሴሚስተር የላብራቶሪ ሪፖርት ሲጀመር መምህሩ ሊዋስዋቸው ይፈልጋል።